ቤቱን ከማየት በፊት

— ጋሼ፣ እርስዎ ድለላም ሠርተዋል፣ እስካሁንም ተከራይ ነዎት፤ ለዚህ ነው የመጣሁት። አያት አካባቢ አንድ ቤት ተነግሮኛል። ከመሄዴ በፊት ደውዬ ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ታክሲውና ስለ ድምፁ ልጠይቅ አስቤያለሁ።

— ምን የሚሉሽ ይመስልሻል? «ውሃ አለ፣ መብራት አለ፣ ታክሲው በር ላይ ነው፣ ሰፈሩ ጭር ያለ ነው» ይሉሻል። እኔም በዚያ ዘመኔ ይህንኑ እል ነበር። ስዋሽ እንዳይመስልሽ። «ውሃ አለ» ስል ቧንቧ ገብቷል ማለቴ ነበር። ቤት በዓይን ነው የሚታወቀው፤ ሄደሽ እዪው።

— አሁን ያለሁበትን ቤት እኮ አይቼ ነው የገባሁበት። ቅዳሜ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ፀሐይ ገብቶበት ደስ ይላል፤ ድምፅ የለም። ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ውሃው ወረደ። ማብሪያውን ነካሁ፣ በራ። ከዚህ በላይ ምን ልይ? ከገባሁ በኋላ ነው ያ ውሃ ከመስመር ሳይሆን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የወረደ መሆኑ የገባኝ። ሮቶው ደግሞ ለአራት ቤተሰብ ነው። ቤቱን ያየሁት በምርጥ ሰዓቱ ነበር፤ የምኖርበት ግን በሌላው ሰዓት ነው።

— እንግዲያው ቧንቧውን ስትከፍቺ «ይህ ከመስመር ነው ከሮቶ?» ማለት ነበረብሽ። ጥፋቱ የማየቱ አይደለም።

— ይህን ለመጠየቅ መሄድ ለምን ያስፈልገኛል? አንድ ቤት ለማየት ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ ልጄን አዝዬ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ ነው የምሄደው። በወር ውስጥ አምስት ቤት አየሁ። አራቱን በአንድ ስልክ መተው እችል ነበር።

— በስልክ እውነቱን የሚነግርሽ ካለ ነዋ።

— አጠያየቄን ቀይሬያለሁ። «ውሃ አለ ወይ?» ካልኩ መልሱ «አለ» ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። አሁን የምለው፣ «መጨረሻ የመጣው በየትኛው ቀን ነው? በስንት ሰዓት ገባ? በስንት ሰዓት ሄደ?» ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ይህን ሳያስብ ይመልሰዋል፤ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት መጥቶ 10 ሰዓት ሳይሞላ ሄደ» ይላል። ያመነታና «ውሃ ምንም አይል፣ ችግር የለም» ያለ ሰው ወይ አይኖርበትም፣ ወይ ሊነግረኝ አይፈልግም።

— ይህ መልካም ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ደላላው እዚያ ቤት አይኖርም። አከራዩም ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ አንድ ሌሊት ያላደረበት ስንት አለ መሰለሽ! ሳያውቅ ለሚመልስልሽ ሰው ጥያቄሽን ብታሳምሪው ምን ዋጋ አለው? ደግሞም ፈረቃ ይቀየራል። መንገድ ሲቆፈር ዋናው ቧንቧ ይመታል፤ አቃቂ ያለው ጉድጓድ ፓምፑ ይበላሻል፤ የለገዳዲ መስመር ጥገና ይገባል። የዛሬ ማክሰኞሽ በሚቀጥለው ወር ሐሙስ ይሆናል። በስልክ የጠየቅሽው ፈረቃ ኪራዩን ሳትከፍዪ ያረጃል።

— ፈረቃው ይቀየራል፤ የማይቀየረውስ? ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? ለስንት ቤተሰብ ነው? ውሃው ከመስመር በምን ያህል ኃይል ይመጣል? እነዚህ በየወሩ አይለዋወጡም።

— የውሃውን ኃይል በስልክ እንዴት ልታውቂው ነው?

— 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በመጠየቅ። ውሃ የሚቀዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያለሁበትን ቤት ልቁጠርልዎት። ውሃው በመጣበት ሌሊት ጀሪካኑ በ4 ደቂቃ ይሞላል። በሰዓት 15 ጀሪካን ማለት ነው፣ 300 ሊትር። ሁለት ሰዓት ቢቆይ 600 ሊትር ይሆናል። ይህ ለአራት ቤተሰብ ሲካፈል ለእኛ 150 ይደርሰናል። የሚቀጥለው ተራ በአራተኛው ቀን ነው። 150 ሊትር ለአራት ቀን፣ ለሦስት ሰው፤ በቀን ለአንድ ሰው 12 ሊትር ተኩል። መጸዳጃ ቤቱን አንዴ ለማፍሰስ ብቻ ከ6 እስከ 9 ሊትር ይሄዳል። ልጅ አጥቤ፣ ልብስ አጥቤ፣ ወጥ ሠርቼ በቀረው ምን ላድርግ? እኔ ያየሁት ቧንቧ ግን ቅዳሜ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ፏ ብሎ ይወርድ ነበር።

— ስለዚህ ትገዢያለሽ።

— እገዛለሁ። በቀን 60 ሊትር ቢጎድለኝ 3 ጀሪካን ነው፤ በወር 90 ጀሪካን። የጀሪካኑን ዋጋና የተሸካሚውን ሒሳብ ኪራዩ ላይ ስደምረው፣ «ውድ ነው» ብዬ የተውኩት ቤት ከዚህኛው ይረክሳል። ይህን ቁጥር ለመሥራት የሚያስፈልጉኝ ሦስት መልሶች ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም በስልክ ይገኙ ነበር።

— እሺ፣ በዚህ ተሸንፌያለሁ። ግን ስለ ፎቁ ያልሽው ከዚህም ይከፋል። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ 12 ሜትር ገደማ ነው። በቀን ከተማው ሁሉ ቧንቧውን ስለሚከፍት ግፊቱ ይወድቃል፤ ምድር ቤት ያለው ሲቀዳ አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧው ሲተነፍስ ይሰማል። ውሃው ሌሊት የሚመጣውም ለዚህ ነው፤ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ «ሌሊት ይመጣል» የሚለው መልስ ላንዱ ፎቅ መልካም ዜና ነው፣ ለሌላው ባዶ ነው። ላይ ያለው ፓምፕ ያስፈልገዋል።

— ፓምፑ ደግሞ በመብራት ነው የሚሠራው።

— ወደዚያው ልመጣ ነበር። መብራቱ የሄደው ውሃው በመጣበት ሌሊት ከሆነ፣ ታችኛው ሮቶ ሞልቶ ላይኛው ባዶ ያድራል። ሰው ስለ ውሃ ለብቻ፣ ስለ መብራት ለብቻ ይጠይቃል። ሁለቱም «ደህና ነው» ሊባሉ ይችላሉ፤ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ሲገናኙ ግን ደህና አይደሉም።

— አዩ እኮ፣ አሁን እርስዎም ለጥያቄው ወገኑ።

— አልወገንኩም። ጥያቄው ከምታስቢው በላይ ከባድ መሆኑን ነው የምነግርሽ። እስቲ ስለ መብራቱ ምን ልትጠይቂ ነው?

— «በሳምንት ስንት ጊዜ ይሄዳል?»

— ይህ መጥፎ ጥያቄ ነው። ማንም አይቆጥረውም። «መብራት ሲሄድ የጎረቤትም ይሄዳል ወይ? ከመንገዱ ማዶስ?» በዪ። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ነገሩ የዋናው መስመር ነው፤ ለሁሉም ነውና ተደውሎ ይጠገናል። ማዶው በርቶ የእናንተ ረድፍ ብቻ ከጠፋ ግን ፌዝ ነው። ከትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዝ ይወጣል፣ አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚያያዘው ካንዱ ጋር ነው። አንዱ ፌዝ ላይ ብዙ ቤት ከተጫነ፣ በተለይ ዓውደ ዓመት ሲቃረብ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ፣ የዚያ ፌዝ ፊውዝ ይቃጠላል። እንዲህ ያለው ቤት ለአንድ ቀን አይደለም የሚጨልመው፤ በየበዓሉ ይደጋገማል።

— የቤቴ መብራት ሲደበዝዝ አይቻለሁ፤ አከራያችን ምጣድ ስትጥድ የኔ አምፖል ቀይ ይሆናል።

— እሱ ደግሞ የግቢው ገመድ ነው። አንድ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። በአንድ ቆጣሪ፣ በቀጭን ገመድ ሁለት ምጣድ ከተጣደ ወይ ብሬከሩ ይወርዳል ወይ ገመዱ ይግላል። ለዚህ ነው ብዙ አከራይ «ምጣድ አይቻልም» የሚለው፤ የሚነግርሽ ግን ከገባሽ በኋላ ነው። ይህን አስቀድመሽ ጠይቂ። ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የራስሽ? የካርድ ከሆነስ ካርዱ በማን እጅ ነው? ሒሳቡ እሑድ ማታ አልቆ አከራዩ ክፍለ ሀገር ከሄደ፣ አንቺ ጨለማ ውስጥ ሆነሽ «መብራት ሄደ» ትያለሽ። ማንም አልወሰደውም፤ ካርዱ ነው ያለቀው።

— ይህን ሁሉ ካወቁ፣ መጠየቅ አይጠቅምም ማለትዎ ለምንድን ነው?

— ምክንያቴ ሌላ ነው፤ ኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ስለ ታክሲው ጨርሺ።

— ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። ደላላው «ባቡሩ ቅርብ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ በመገናኛ አድርጎ ሜክሲኮን ያልፋል። ካርታ ላይ ቤቴና ሥራዬ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ግን ከቤቱ በር እስከ ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው? መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ክረምት ላይ ጭቃ? ልጅ ይዤ እሄድበታለሁ? ባጃጅስ ይገባል? ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታ ይገኛል ወይስ ሁለተኛውን ባቡር እጠብቃለሁ?

— ታክሲውንስ?

— እሱንማ ሰልፉን አስቆጥራለሁ። ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል። 48 ሰው ከተሰለፈ አራት ታክሲ ነው፤ በየ10 ደቂቃው አንድ የሚመጣ ከሆነ ለመሳፈር ብቻ 40 ደቂቃ። ጉዞው ከዚያ በኋላ ነው። ማታ ደግሞ ታክሲው መንገዱን ይቆራርጣል። በአንድ ጉዞ ያልቅ የነበረው ሁለት ይሆናል፣ ሒሳቡም ሁለት። «ማታ 12 ሰዓት ላይ እስከ ሰፈሩ በአንድ ይገኛል ወይስ ይቆራረጣል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

— ማንን?

— ጠዋት ሥራ የሚገባውን። አሁን ቤቱን የሚለቀውን ተከራይ።

— እሱን እንዴት ታገኚዋለሽ?

— ደላላውን፣ «ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው አገናኘኝ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» እለዋለሁ። ካልሆነ የግቢውን ዘበኛ፤ ካልሆነ ሰርቪስ ቤት ያለችውን። ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት፣ መብራት ሲሄድ ሻማ የምትገዛውም እሷ ናት። ሁሉንም ከለከለኝ ማለት ደግሞ አንድ ነገር ነገረኝ ማለት ነው።

— የሚለቅ ተከራይ ከአከራዩ ተጣልቶ ሊሆን ይችላል። ቤቱን ያጠቁርልሻል። ሰላም የሆነው ደግሞ ቀብዱ እስኪመለስለት ስለሚፈራ ያሳምርልሻል። የትኛውን ታምኛለሽ?

— ስለዚህ ነው ቀንና ሰዓት የምጠይቀው። ተጣልቶ የሚወጣ ሰው «ውሃ የሚባል የለም» ይለኛል። «ባለፈው ሳምንት የመጣው መቼ ነበር?» ስለው ግን ቂሙን ትቶ ማስታወስ ይጀምራል። ሰው በአስተያየቱ ያጋንናል፣ የነቃበትን ሰዓት ግን ማጋነን ይከብደዋል።

— ድምፁስ? እሱ እንኳ በስልክ አይሆንም።

— እንዲያውም በስልክ የሚሆነው እሱ ነው። ደላላውን «ማታ 2 ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ ሆነህ ደውልልኝ፣ መስኮቱን ክፈተው» እለዋለሁ። እሱ ሲያወራ እኔ ከኋላው ያለውን እሰማለሁ። ብረታ ብረት ቤት ካለ መቁረጫው፣ ግሮሰሪ ካለ ሙዚቃው፣ መብራት ሄዶ ከሆነ የጎረቤቱ ጄኔሬተር ይሰማኛል። የማይሰማኝ በቀን የሚለየው ነው። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነ የየትኛው ታቦት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሚካኤል ከሆነ በወር በ12፣ ገብርኤል ከሆነ በ19 ሌሊቱ ሌላ ነው። ማኅሌቱን ተቃውሜ አይደለም፤ እኔም የማስቀድስ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ግን የሌሊት ተረኛ ነው፣ ጠዋት የሚተኛበትን ቀን ላውቅ ይገባል።

— ፓምፑን ረሳሽው።

— የቱን?

— ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚነሳውን። ውሃው ሲመጣ ግቢው ውስጥ ፓምፕ ይጮኻል፣ ጀሪካን ይጎተታል፣ ሰው ይጠራራል። ውሃ ያለው ግቢ ሌሊት አይተኛም። «ውሃ ይመጣል» የተባለልሽና «ጭር ያለ ነው» የተባለልሽ ቤት አንድ ቤት ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ጎድሏል። መኝታ ክፍሉ ከፓምፑ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቂ።

— ይህን አላሰብኩትም ነበር። አሁን ያን ምክንያትዎን ይንገሩኝ።

— ምክንያቴ ይህ ነው። እኔ ደላላ ሳለሁ ለአንድ ቤት በቀን ሰባት ሰው ይደውል ነበር። ስድስቱ «ዋጋው ስንት ነው? ዛሬ ላየው እችላለሁ?» ይላሉ። ሰባተኛዋ እንዳንቺ ትጠይቃለች። ለአከራዩ ስነግረው «ይህቺ ነገር ታበዛለች፣ ተዋት» ይለኛል። አልፈረድኩበትም፤ እሱ በውሃው ላይ ሥልጣን የለውም፣ ባልሠራው ጥፋት የሚጠየቅ ነው የሚመስለው። አንቺ ስትጠይቂ ሌላው ቀብድ ይከፍላል። ጥያቄ የሚጠቅመው ምርጫ ላለው ነው፤ ባንቺ አቅም በዚያ ሰፈር ሁለተኛ ቤት ላይኖር ይችላል። ታዲያ ዐውቀሽ ልትገቢበት ከሆነ ማወቁ ምን ይጨምርልሻል?

— ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አሁን እንደ በፊቱ በየሦስት ወሩ የሚለቀቅ ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን አድርጎታል፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ለእኔ ጥበቃ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን ለሁለት ዓመት የምፈርምበትን ቤት ሌሊቱን ሳላውቅ እንዴት እፈርማለሁ?

— አዋጁ ከወጣ በኋላ አከራይም መራጭ ሆኗል እኮ። ሁለት ዓመት አብሮት የሚኖረውን ሰው ነው የሚመርጠው። ነገር የምታበዛ የመሰለችውን ያልፋታል። ጥያቄሽን ያከበደው ራሱ ሕጉ፣ መጠየቅሽንም አስፈሪ አድርጎታል።

— እውነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለአከራዩ ሁሉንም አልጠይቅም። እሱን ስለሚያውቀው ብቻ፣ ስለ ሮቶውና ስለ ቆጣሪው። የቀረውን ለሚኖርበት ሰው።

— ሁለተኛው ነገርሽስ?

— ያው መግባቴ ካልቀረ፣ በርሜሉን ከመግባቴ በፊት እገዛለሁ። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ቢኖረኝ፣ ከምገዛው ውሃ ጋር ሞልቼ ያንን የአራት ቀን ክፍተት እሸፍንበት ነበር፤ ሰገነቱ ክብደቱን ይችል እንደሆነ አይቼ፣ ቦታውን ለክቼ። ኪራዩንም ከ90 ጀሪካን ጋር ደምሬ እከራከርበታለሁ። ባለፈው ይህን ያወቅኩት ልጄ ሳትታጠብ ሦስተኛ ቀኗ ላይ ነው።

— ዋጋ አይቀንሱልሽም። ሰባት ሰው ይደውላል ብዬሻለሁ።

— ላይቀንሱ ይችላሉ።

— ታዲያ ቤቱ አንድ ብቻ ቢሆን፣ መልሱ ሁሉ መጥፎ ቢሆን፣ አሁን ያለሽበት ደግሞ ከዚያ ቢብስ?

— እገባበታለሁ።

— እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

— በርሜል ይዤ እገባበታለሁ። እርስዎ የሚሉት ግን ያለ በርሜል ነው።

— ... እሺ። ነገ ስትደውዪ አንዱን ጥያቄ ከኔ ጨምሪበት። ቀኑንና ሰዓቱን ከጠየቅሽ በኋላ፣ «ውሃው ሲመጣ ሌሊት ማን ነው የሚነሳው?» በያቸው።

— ማን የሚለው ለምን?

— የፓምፑ ማብሪያ ሁልጊዜ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ነው። አከራዩ ቤት፣ ወይ ዘበኛው ጋ፣ ወይ ምድር ቤት ያለው ተከራይ ጋ። መስመሩ ደህና፣ ሮቶው ትልቅ፣ መብራቱ ያለ ሆኖ ያ ሰው እንቅልፍ ከጣለው አራተኛ ፎቅ አይሞላም። እኔ የምኖርበት ግቢ ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃ የነበረው ምድር ቤት ያሉ አንዲት እናት ስለሚነሱ ነው። ባለፈው ዓመት ልጃቸው ጋ ሄዱ።

— ከዚያስ?

— አሁን የምነሳው እኔ ነኝ።